ጢስ ዓባይ በፎቶግራፍና በዐይን

እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን ባለ አንድ ብር ኖት ያየ ሰው በጀርባው ታትሞ የነበረውን የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ያስታውሳል። ይኸው ፏፏቴ በፖስታ ካርድና በልዩ ልዩ የጉብኝት ማስታወቂያዎችም ላይ ሲታይ ኖሯል። በሥዕሉ ላይ ውሃው ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖ ይወርዳል፤ ጢስ የመሰለው ጉምም ወደ ላይ ይወጣል። ነገር ግን ይህን ሥዕል በልቡ ይዞ በጥር ወይም በየካቲት ወር ከቦታው የሚደርስ ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የተራቆተ የድንጋይ ግድግዳና በአንድ በኩል የሚወርድ ጥቂት ውሃ ነው። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም፤ ጎብኚው ግን «ተታለልሁ» እያለ ይመለሳል። ይህ ሊሆን የቻለው እንዴት ነው?

ፏፏቴው የሚገኘው ከባሕር ዳር ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሲሆን፣ ከፍታው ከ40 ሜትር በላይ ነው። ገደሉ የኤሌክትሪክ ኀይል ለማመንጨት የተመቸ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1964 አንድ አነስተኛ የኀይል ማመንጫ ጣቢያ በአጠገቡ ተሠራ። በ2001 ደግሞ ከመጀመሪያው እጅግ የሚበልጥ ሁለተኛ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ለእነዚህ ጣቢያዎች የሚያስፈልገው ውሃ ከፏፏቴው በላይ በቦይ ይጠለፋል፤ ተርባይኑን ካዞረ በኋላም ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመለሳል። በዚህ መንገድ የሄደው ውሃ በገደሉ ላይ አይወርድም ማለት ነው። በ2010 ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ጣቢያም ከራሱ ከጣና ሐይቅ ውሃ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ይለቃል። በክረምት ግን ዝናቡ ስለሚበዛ ወንዙ ይሞላል፤ ፏፏቴውም ወደ ቀድሞ መልኩ ይቀርባል። ስለዚህ ጢስ ዓባይ በነሐሴና በመስከረም አንድ ቦታ፣ በየካቲትና በመጋቢት ሌላ ቦታ ይመስላል።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ልዩነት እንረዳለን። አንዳንድ የጉብኝት ቦታ በእውነት ወጥመድ ነው፤ ይኸውም ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ገንዘብ ለመሰብሰብ ሲል ይደብቀዋል። ሌላው ግን ዝናው ከዛሬ ይዞታው የበለጠ ቦታ ነው፤ የሚወራለት ነገር በአንድ ዘመን ወይም በአንድ ወቅት እውነት ነበር፤ አሁን ግን ሁልጊዜ አይገኝም። ሁለቱንም አስቀድሞ ለመለየት የሚረዳው ጥያቄ አንድ ነው፤ እርሱም «ይህ መቼ ታየ?» የሚለው ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። በደብረ ማርቆስ የሚገኝ የአንድ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ ክበብ አባላት ገንዘብ አዋጥተው በየካቲት የዕረፍት ጊዜ ጢስ ዓባይን ለመጎብኘት አሰቡ እንበል። ገንዘቡ ወላጆች ከዕለት ወጪያቸው ቀንሰው የሰጡት ስለሆነ ተማሪዎቹ አውቶቡስ ከመከራየታቸው በፊት ምርመራ ጀመሩ።

በመጀመሪያ ፎቶግራፎቹን መረመሩ። በማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶግራፍ ቀን አልተጻፈበትም። ነገር ግን በገደሉ ዙሪያ ያለው ሣር ለምለም ነው፤ ውሃውም ደፍርሶ ቡናማ መልክ ይዟል። ደለል የሚያመጣው የክረምት ጎርፍ ስለሆነ ፎቶግራፉ በየካቲት እንዳልተነሣ ከዚህ ተረዱ። ቀጥሎም ጎብኚዎች ራሳቸው በኢንተርኔት ካወጧቸው ፎቶግራፎች መካከል በጥርና በየካቲት የተነሡትን ፈልገው ከማስታወቂያው ጎን አስቀመጡ። በእነዚህኞቹ ላይ ሣሩ ደርቋል፤ ዐለቱም ገጦ ይታያል። ማየት ማመን ነው ቢባልም፣ ፎቶግራፍን ማየት ግን የተነሣበትን ቀን ካወቁ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ሥራ አስተያየቶችን ማንበብ ነበር። ተማሪዎቹ ኻያ አስተያየቶችን ሰበሰቡ እንበል። ግማሾቹ «ድንቅ ነው» ሲሉ ግማሾቹ «ድካም ብቻ ነው» ይላሉ። አማካይ ውጤቱ ቢሰላ መካከለኛ ቦታ ይመስላል፤ እንዲህ ያለው አማካይ ግን ምንም አያስረዳም። ስለሆነም አስተያየቶቹን በውጤታቸው ሳይሆን ጉብኝቱ በተደረገበት ወር ከፋፈሏቸው። በዚህ ጊዜ የሚያደንቁት በአብዛኛው ከክረምት አጋማሽ እስከ ጥቅምት የሄዱት፣ የሚያማርሩት ደግሞ በበጋ የሄዱት ሆነው ተገኙ። አስተያየቱ የተጻፈበት ቀን ጉብኝቱ ከተደረገበት ቀን ሊለይ እንደሚችልም አልዘነጉም፤ በኅዳር የተጻፈ ምስጋና የመስከረም ጉብኝትን የሚያስታውስ ሊሆን ይችላል። ይልቁንም ብዙ የጠቀማቸው፣ ያየውን መልካምና መጥፎ ለይቶ የሚተርክ አስተያየት ነው። «ግሩም» ብቻ ወይም «አትሂዱ» ብቻ የሚል ሰው ስሜቱን እንጂ ቦታውን አይነግረንም።

በመጨረሻም ለሁለት አስጎብኚዎች ስልክ ደውለው አንድ ዓይነት ጥያቄ አቀረቡ።

«በዚህ ሳምንት ውሃው ከገደሉ ምን ያህሉን ይሸፍናል? የዛሬ ፎቶግራፍ ሊልኩልን ይችላሉ?» አሉ።

የመጀመሪያው፣ «ጢስ ዓባይ ሁልጊዜም ውብ ነው፤ ቦታ እንዳያመልጣችሁ ቀብዱን ዛሬውኑ ላኩ» ሲል መለሰ። ስለ መግቢያ፣ ስለ መሪና ስለ ጀልባ ዋጋ ሲጠየቅም «እዚያው እንነጋገራለን» አለ።

ሁለተኛው ግን፣ «ልጆቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ አሁን ውሃው ጥቂት ነው። የድንጋዩን ድልድይ ለማየትና በእግር ለመጓዝ ከሆነ ኑ፤ ፏፏቴውን ብላችሁ ከሆነ ግን በመስከረም ብትመጡ ይሻላል» አላቸው። የእያንዳንዱን ወጪ ዋጋም ለይቶ ነገራቸው።

በመጀመሪያው መልስ ውስጥ ሦስት የማስጠንቀቂያ ምልክቶች አሉ። የተጠየቀውን ትቶ ሌላ መመለስ፣ በጥድፊያ ገንዘብ መጠየቅና ዋጋን በደፈናው ማለፍ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢታይ የሰውየው ችኮላ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱ በአንድነት ሲገኙ ግን ቀብድ መላክ አይገባም።

ተማሪዎቹ የደረሱበት ውሳኔ ጉዞውን መሰረዝ አልነበረም። በየካቲት ወደ ባሕር ዳር ሄደው የጣና ሐይቅን ገዳማት ለመጎብኘት ወሰኑ፤ ገዳማቱና ሥዕሎቻቸው በውሃ መጉደል አይለወጡምና። ጢስ ዓባይን ግን በሚቀጥለው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ እንዲያዩ ቀጠሮ ያዙ። በዚያ ወቅት መንገዱ ጭቃ ሊሆን እንደሚችል ከአስተያየቶቹ ስላነበቡ ጠንካራ ጫማ የሚል ቃልም በዝርዝራቸው ላይ ጨመሩ።

እንዲህ ያለው ምርመራም ቢሆን ወሰን አለው። ዝናቡ የዘገየ እንደሆነ፣ ወይም ለኀይል ማመንጫው ብዙ ውሃ የተፈለገ እንደሆነ፣ በመልካሙ ወር እንኳ ፏፏቴው ሊያንስ ይችላል። ከዚህ የተነሣ ተማሪዎቹ በክበባቸው መዝገብ ላይ የመጨረሻ ተግባር አድርገው የጻፉት፣ አውቶቡሱ ከመነሣቱ ከሁለት ቀን በፊት ለሁለተኛው አስጎብኚ ደውሎ የዕለቱን ፎቶግራፍ መጠየቅ የሚል ነበር።