አንድ አዲስ ደንበኛ በስንት ሸቅል ይምጣ?

በክፋር ግቢሮል አንድ ልጅ ሱቅ ሲከፍት ገንዘቡ ከባንክ ብቻ አይመጣም። አባት ያበድራል፣ አያት ከዕቁቧ ታወጣለች፣ ሽማግሌ ዋስ ይሆናል። ሱቁ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ «ለማስታወቂያ 3,000 ሸቅል ያስፈልገኛል» የሚል ጥያቄ ይከተላል። አባቶችና እናቶች ብዙ ጊዜ «ገንዘቡ አይበዛም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። የሚሻለው ጥያቄ ግን «በዚህ ገንዘብ ስንት አዲስ ሰው ይመጣል? አንዱስ በስንት?» የሚለው ነው።

ለምሳሌ እንጀራ ጋግሮ የሚሸጥ ሱቅ እንውሰድ። አንድ ገዢ በአንድ ጊዜ የ60 ሸቅል ይገዛል እንበል። ከዚያ ላይ ጤፉ፣ መብራቱ፣ ከረጢቱ፣ የጋጋሪዋ ደመወዝ፣ 18 በመቶ የሆነው ማዓምም ሲነሣ ለባለሱቁ 15 ሸቅል ይቀረዋል። የማስታወቂያው ሒሳብ የሚጀምረው ከዚህ ከ15 ነው። ከ60 የጀመረ ሰው የጤፉን ገንዘብ እንደ ትርፍ ቆጥሮ ያጠፋዋል።

ደንበኛ ግን አንድ ጊዜ ገዝቶ ብቻ አይቀርም። ከ10 አዲስ ሰዎች 4ቱ ደንበኛ ሆነው ቢቀሩ፣ በስድስት ወርም ሌላ 11 ጊዜ ቢመጡ፣ ዐሥሩ በጠቅላላው 810 ሸቅል ትርፍ ያስገባሉ። ለአንድ ሰው ሲካፈል 81 ነው። ስለዚህ አንድን ሰው ለማምጣት 81 ሸቅል ያወጣ ነጋዴ ስድስት ወር በከንቱ ደክሟል ማለት ነው። ግማሹን ለራሱ ካስቀረ፣ ለአንድ አዲስ ሰው ከ40 ሸቅል በላይ ማውጣት የለበትም። 3,000ው ለ40 ሲካፈል 75 ይሆናል። እንግዲህ ልጁ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት «75 አዲስ ሰው አመጣለሁ» ማለት መቻል አለበት። ምጣዱ ለ75 ተጨማሪ ሰው የማይበቃ ከሆነም በጀቱ ከመጀመሪያው በዝቷል።

ገንዘቡ ሁሉ በአንድ ቀን አይውጣ። መጀመሪያ 600 ሸቅል ይሞከር፤ 300ው በየሕንፃው ለሚታደል ወረቀት፣ 300ው ለፌስቡክ። ሻጯ አዲስ ፊት ባየች ቁጥር «ከየት ሰማችሁ?» ብላ ትጠይቅና በደብተር ትጻፍ። የቆየ ደንበኛ ወረቀቱን ይዞ ቢመጣም አይቆጠር፣ ድሮም ይመጣ ነበርና። በወረቀቱ ላይ ቅናሽ ካለም፣ የተቀነሰው ገንዘብ በማስታወቂያው ወጪ ላይ ይደመር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩ ሲታይ ወረቀቱ 10 ሰው፣ ፌስቡክ 5 ሰው አምጥተዋል እንበል። በአማካይ አንዱ በ40 ሸቅል መጣ ማለት ነው፤ ላይ ላዩን ሲታይ ደህና ነው። ለየብቻ ሲታይ ግን የወረቀቱ ሰው በ30፣ የፌስቡኩ ሰው በ60 ነው የመጣው። አማካዩ የፌስቡኩን ውድነት ሸፈነው።

የፌስቡኩን ማስታወቂያ የሠራው ሰው ግን «ማስታወቂያችሁን 6,000 ሰው አይቶታል፣ አንዱ በ5 አጎሮት ብቻ!» ይላል። አልዋሸም። ነገር ግን ማየትና መግዛት ለየቅል ናቸው። ካዩት መካከል በቤርሼባና በነታንያ የሚኖሩ አሉበት፤ ለእንጀራ ብሎ ረሖቮት ድረስ ማን ይመጣል? ማስታወቂያው ለረሖቮትና ለአካባቢዋ ብቻ እንዲታይ ተደርጎ አንድ ጊዜ ይሞከር። አሁንም 60 ከሆነ ይቁም።

የቀረው ገንዘብ ሁሉ ወደ ወረቀቱ ይሂድ ማለት ግን አይደለም። የሰፈሩ ደጃፍ የተቆጠረ ነው። በመጀመሪያው ዙር ሊመጣ የሚችለው መጥቷል፤ ያው ወረቀት ለሁለተኛ ጊዜ ሲታደል የሚያመጣው ሰው ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ በየዙሩ በትንሽ በትንሹ ይውጣ፣ በየዙሩም ይቆጠር። የመጨረሻው ዙር አንዱን ሰው ከ40 በላይ ካስወጣ ማቆም ነው፤ የተረፈው ገንዘብ ለአበዳሪው ይመለስ።

ሁለት ነገር ሒሳቡን ያበላሻል። አንደኛው ስግድ ነው። በስግድ ሰሞን እንጀራና ዳቦ ፈላጊው ራሱ ስለሚበዛ፣ በዓሉ ያመጣው ሰው በማስታወቂያው ስም ይቆጠራል። ሙከራው በተራ ሳምንት ይሁን። ሁለተኛው በስልክ የሚላክ የማስታወቂያ መልእክት ነው። ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን በእስራኤል ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ፣ ሳይፈቅድ መልእክት የተላከበት ሰው ቢከስ፣ ፍርድ ቤት ጉዳት መድረሱ ሳይረጋገጥ እንኳ ለአንዲት መልእክት እስከ 1,000 ሸቅል ሊፈርድለት ይችላል። ይህ 25 አዲስ ደንበኞችን ለማምጣት የተመደበውን ገንዘብ ያህላል።

እንግዲህ ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ገንዘብ ሲጠይቅ ደብተሩን ይዞ ይምጣ። በደብተሩ ላይ የወጣው ገንዘብና የመጡት አዲስ ሰዎች ጎን ለጎን ካልተጻፉ፣ ሁለተኛው ብድር ትንሽ ይቆይ።