ጎፈሬው ሲቀላ ግድግዳው እንዳይቀላ

ጎፈሬ ያላት ወጣት በፈካ ግራጫ ግድግዳ ፊት ፎቶ ተነስታለች እንበል። የምትፈልገው ጥቁር ጸጉሯ ፎቶው ላይ የሂና ቀለም እንዲይዝላት ነው። የጎፈሬው መሃል ለማንም አያስቸግርም። ጣጣው ያለው ዳር ዳሩን አፈንግጠው በወጡት ቀጫጭን ጸጉሮች ላይ ነው።

ብዙዎቹ ከአንድ ፒክስል የቀጠኑ ናቸው። ካሜራው እንዲህ ያለውን ጸጉር ሲያነሳ ያ ፒክስል ከፊሉ ጸጉር፣ ከፊሉ ግድግዳ ሆኖ በአንድ ድብልቅ ቀለም ይቀመጣል። ላሶ ይዞ ዳሩን የሚዞር ሰው ፒክስሉን ወይ ያስገባዋል ወይ ያስቀረዋል፤ ውጤቱም በመቀስ የተከረከመ የሚመስል ጎፈሬ ነው። የሚያስፈልገው «ይህ ፒክስል ምን ያህሉ ጸጉር ነው?» ለሚለው መልስ የሚሰጥ ማስክ ነው። ማስክ ላይ ነጭ ሙሉ በሙሉ የተመረጠ፣ ጥቁር ያልተመረጠ፣ ግራጫ ደግሞ በከፊል የተመረጠ ማለት ነው።

ደግነቱ ለዚህ የሚሆን ጥቁርና ነጭ ምስል ፎቶው ውስጥ አለ። ፎቶሾፕ Channels በሚለው ሰሌዳ ላይ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ ያሳያል። ጠይም ቆዳና ጥቁር ቡናማ ጸጉር ሰማያዊ ብርሃን የሚመልሱት በጥቂቱ ስለሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጸጉሩ ከግድግዳው አጥብቆ የሚለየው በ Blue ላይ ነው። ይሁን እንጂ ሰማያዊው ቻናል ብናኝ ይበዛበታል። በስልክ ተልኮ ጥራቱ የወረደ ፎቶ ከሆነ አረንጓዴው ይሻላል።

የተመረጠው ቻናል መጀመሪያ ይገለበጣል፤ በዋናው ላይ ከተሠራ የፎቶው ቀለም ራሱ ይበላሻል። ቅጂው በ Ctrl+I ሲገላበጥ ጸጉሩ ነጣ፣ ግድግዳው ጠቆር ይላል። ቀጥሎ በ Ctrl+L የሚከፈተው Levels ግድግዳውን ወደ ጥቁር፣ የጎፈሬውን አካል ወደ ነጭ ይገፋዋል። ችኮላ የሚያበላሸው እዚህ ነው። የጥቁሩ መቆጣጠሪያ ከመጠን ሲያልፍ ቀጫጭኖቹ ጸጉሮች ይጠፋሉ፤ የነጩ ሲያልፍ ሽቦ ይመስል ይወፍራሉ። ስለዚህ ጭረቶቹ ግራጫ እንደሆኑ መቆም ይበጃል። ግድግዳው ላይ የቀረው ጭጋግ በ Overlay ሁነታ በተዘጋጀ ጥቁር ብሩሽ ይጠረጋል፤ ይህ ሁነታ የጠቆረውን ይበልጥ ሲያጠቁር የነጣውን እምብዛም አይነካም።

ፊቷና ልብሷ በተራ ጥቁር ብሩሽ ይሸፈናሉ። ግንባሯ ላይ ግን ቻናሉ አቅም ያጣል፤ ጸጉሩና ቆዳው ሁለቱም ጠቆር ያሉ ናቸውና። እዚያ ሌላ መሣሪያ ይገባል።

የቻናሉ ትንሽ ምስል Ctrl ተይዞ ሲጫን ምርጫው ይነሳል። በዳሩ የሚሽከረከረው የነጥብ መስመር ቀጫጭኖቹን ዘሎ ቢያልፍ አያስደነግጥም። መስመሩ የሚያሳየው ከ50 በመቶ በላይ የተመረጠውን ብቻ ስለሆነ፣ የማይታዩትም በልካቸው ተመርጠዋል። ከዚያ ወደ RGB ተመልሶ፣ የፎቶው ሌየር እንደተያዘ፣ Select and Mask ይከፈታል፤ በ2016 የመጣ የሥራ መስኮት ነው። Refine Edge Brush የግንባሩን መስመር ብቻ ተከትሎ ይቀባል። Contrast እና Shift Edge ዜሮ ላይ ይቆያሉ፤ በቻናሉ የተገኘውን ግራጫ ይበሉታልና። Decontaminate Colors የዳሩን ቀለም ስለሚለውጥ፣ የሚጠቅመው ሰውየው ወደ ሌላ ጀርባ ሲዛወር ነው። እዚህ ጀርባው አይለወጥም፤ ስለዚህ ይዘጋል። ውጤቱ Selection ተብሎ ይወጣል።

ምርጫው የአንድ ግሩፕ ማስክ ይሆንና ሁለት ሌየሮች ግሩፑ ውስጥ ይገባሉ። ከታች ጸጉሩን በጥቂቱ የሚያፈካ Curves፣ ከላይ ደግሞ ቀይ ቡናማ Solid Color በ Color ሁነታ ይቀመጣል። Color የሥሩን ብርሃን እንዳለ ስለሚጠብቅ፣ ድፍን ጥቁር ላይ ብቻውን ቢያርፍ ለውጡ እምብዛም አይታይም።

ስህተት ካለ ቀለሙን ለጊዜው ደማቅ አረንጓዴ ማድረግ ያጋልጠዋል። ግድግዳው አረንጓዴ ከነካው ማስኩ ሰፍቷል፤ ጫፎቹ ጥቁር ከቀሩ ጠብቧል። በጸጉሩ ዙሪያ የነጣ ጮራ ከታየ ደግሞ የ Curves ማፍካት ግድግዳውንም ደርሶበታል። ነጭ ግድግዳ በ Color ሁነታ ቀለም ስለማይቀበል ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ሣር ወይም የሸክላ ግንብ ግን ምንም አይደብቅም።

ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ያሉት ስሪቶች Refine Hair የሚል ቁልፍ አላቸው፤ ለጥድፊያ ሥራ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ወጣቷ ማታ በጨለማ ዛፍ ፊት ተነስታ ቢሆን ኖሮ ግን ቁልፉም ቻናሉም ጥቁሩን ጸጉር ከጥቁሩ ጀርባ መለየት ይቸግራቸዋል፤ ያኔ ባለሙያው ጫፎቹን በአንድ ፒክስል ብሩሽ ማስኩ ላይ በእጁ ይስላቸዋል።