ሰኞ ሰኞ ራሱን የሚያድስ የሥራ ዝርዝር

እህቴ በምትመራው ትንሽ ካፌ በየሳምንቱ የሚደጋገሙ 11 ሥራዎች አሉ። ሰኞ ለወተት አከፋፋዩ ሂሳብ ይከፈላል፣ ረቡዕ ፍሪጁ ተራግፎ ይጸዳል፣ ዓርብ የቡና ማሽኑ ይታጠባል፣ ቅዳሜ ዕቁብ ይጣላል። ሥራዎቹን ጉግል ሺትስ ላይ ጽፈን አጠገባቸው የምልክት ሳጥን አድርገን ነበር። የተሠራው ሁሉ ምልክት ይደረግበታል፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ምልክቶቹ አንድ በአንድ ይነሣሉ። አንድ ሰኞ ግን ሳይነሡ ቀሩ። ፍሪጁ ባለፈው ሳምንት ምልክት እንደተጸዳ ተቆጥሮ ሳምንቱን ሙሉ ሳይነካ ዋለ።

ችግሩ ከሳጥኑ ነው። ቀመር እጃችሁ የጻፈውን ነገር መደምሰስ አይችልም፤ የሚችለው አይቶ መፍረድ ብቻ ነው። ስለዚህ “ተሠርቷል” የሚል ምልክት ከማድረግ ይልቅ ሥራው የተሠራበትን ቀን እንጻፍ። ያ ቀን ከዚህ ሳምንት ሰኞ በፊት ከሆነ ሥራው ገና ነው ማለት ነው። የሚደመሰስ ነገር የለም፤ አዲስ ሰኞ ሲመጣ የድሮው ቀን በራሱ ያረጃል።

የመጀመሪያው ሥራ የዚህን ሳምንት ሰኞ ማግኘት ነው። F1 ላይ ይህን ጻፉ፤ በኤክሴልም በጉግል ሺትስም ይሠራል፦

```
=TODAY()-WEEKDAY(TODAY(),3)
```

በቀመሩ ውስጥ ያለው 3 ቀኖቹን ከሰኞ ጀምሮ ያስቆጥራል፤ ሰኞ 0፣ ማክሰኞ 1፣ እያለ እሑድ 6 ይሆናል። ዛሬ ዓርብ ጥቅምት 10 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ነው እንበል። የዓርብ ቁጥር 4 ስለሆነ ከ10 ላይ 4 ሲቀነስ ሰኞ ጥቅምት 6 ይወጣል። F1 ላይ 45936 የሚል ቁጥር ብታዩ አትደንግጡ። ለፕሮግራሙ ቀን ማለት የቀናት ቆጠራ ነው፤ የሴሉን ዓይነት ወደ ቀን ስትቀይሩት ይስተካከላል። በእኛ አቆጣጠር ያ ሰኞ መስከረም 26 ቀን 2018 ነው። ሳምንት በሁለቱም አቆጣጠር ሰባት ቀን ስለሆነ ዝርዝሩ አይዛባም። በየወሩ የሚሠራ ሥራ ግን በዚህ መንገድ አይያዝም፤ ወሮቹ አይገጥሙም፣ ጳጉሜም አለች።

ከዚያ A ላይ ሥራውን፣ B ላይ የቀኑን ቁጥር (ለረቡዕ 2)፣ C ላይ መጨረሻ የተሠራበትን ቀን ጻፉ። D2 ላይ `=$F$1+B2` ብትጽፉ ሥራው በዚህ ሳምንት የሚውልበትን ቀን ይሰጣችኋል። ፍርዱ E2 ላይ ነው፦

```
=IF(AND(ISNUMBER(C2),C2>=$F$1),"ተሠርቷል","ይቀራል")
```

ሁለቱንም ወደ ታች ጎትቷቸው። ፍሪጁ ረቡዕ ጥቅምት 8 ቢጸዳና C ላይ ቀኑ ቢጻፍ እስከ እሑድ “ተሠርቷል” ይላል። ሰኞ ጥቅምት 13 ፋይሉ ሲከፈት F1 ወደ 13 ይዘላል፤ 8 ከ13 ስለሚያንስ ሥራው “ይቀራል” ወደሚለው ይመለሳል።

ISNUMBER የገባችው ያለ ምክንያት አይደለም። ፋይሉ በአሜሪካ አጻጻፍ የተዘጋጀ ከሆነ 13/10/2025 ብላችሁ ስትጽፉ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይወስደዋል። በእነዚህ ፕሮግራሞች ደግሞ ጽሑፍ ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል፤ ISNUMBER ባትኖር ሥራው ለዘለዓለም “ተሠርቷል” እንዳለ ይኖር ነበር። ምልክቱ ለዓይን ይታያል፤ እውነተኛ ቀን የሴሉን ቀኝ ጠርዝ ይይዛል፣ ጽሑፍ ግራውን። በኮምፒውተር ላይ Ctrl እና ; አንድ ላይ ብትጫኑ የዛሬው ቀን ሳይሳሳት ይገባል። በዚያ ቦታ TODAY() መጻፍ ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ነገም “ዛሬ ተሠራ” ይላልና።

ሌላው መሰናክል ሰዓት ነው። ኤክሴል የኮምፒውተራችሁን ሰዓት ያያል፤ ጉግል ሺትስ ግን የፋይሉን። ፋይሉን ሎስ አንጀለስ ያለ ዘመድ ከፍቶ ልኮላችሁ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ሰኞ የሚገባው እንደ ወቅቱ ጠዋት 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ነው። File ውስጥ Settings ገብታችሁ Time zone የሚለውን ወደ አገራችሁ ሰዓት ለውጡ።

ይህ ዝርዝር ታሪክ አይይዝም፤ አዲሱ ቀን የድሮውን ይተካዋል። ማን መቼ ምን እንደሠራ ማወቅ የሚፈልግ ሌላ ገጽ ላይ መመዝገብ አለበት።

በዝርዝሩ ከመታመናችሁ በፊት ሰኞን ሳትጠብቁ ፈትኑት። F1 ላይ ለጊዜው የሚቀጥለውን ሰኞ ቀን አስገቡ፤ ሁሉም ሥራ ወደ “ይቀራል” ከዞረ ቀመሩን መልሳችሁ ጻፉ። አንድ ረድፍ እንኳ “ተሠርቷል” እንዳለ ከቀረ C ላይ ያለውን ቀን መርምሩ፤ ወሩና ቀኑ ተገለባብጠው ወደፊት ያለ ቀን ተጽፎ ይሆናል።