ስምንት ፊደል ያጣላቸው ወንድምና እህት

ሰሞኑን አንዲት ወጣት አንባቢያችን ያጫወተችኝ ነገር ሊያስቀኝም ሊያሳዝነኝም ሞከረ። ልጅቷ መገናኛ አካባቢ ተከራይታ ትኖራለች። ቆጥባ ቆጥባ ቴሌቪዥን ገዛች፤ የፊልሙን አፕ ወርሃዊ ክፍያ ግን የሚከፍልላት ቨርጂኒያ ያለው ታላቅ ወንድሟ ነው። አፑን ስትከፍት ስምንት ፊደል ብቅ አለና «በስልክዎ ይህን አድራሻ ከፍተው ኮዱን ያስገቡ» አላት። እሷም ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችለት። ወንድም ሥራ ላይ ስለነበር ያየው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። «ኮድሽ አይሠራም!» አላት። ደግማ ላከች፣ አሁንም እምቢ። በሦስተኛው ቀን «አካውንትህን ልትሰጠኝ ስላልፈለግህ ነው» እስከ መባባል ደረሱ።

እንዴ! በስምንት ፊደል የእናት ልጅ ይጣላል?

እኔ ሁለቱም ጥፋት የለባቸውም ባይ ነኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። አፑ ሲከፈት ቴሌቪዥኑ ከኩባንያው ሁለት ኮድ ይቀበላል። አንደኛው ረጅምና ሚስጥራዊ ነው፤ እዚያው ቴሌቪዥኑ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፣ እኛ አናየውም። ሁለተኛው በስክሪኑ ላይ የምናየው አጭሩ ነው። ከዚያ ቴሌቪዥኑ በየጥቂት ሴኮንዱ፣ ብዙ ጊዜ በየ5 ሴኮንዱ፣ «ተፈቀደልኝ ወይ?» እያለ ኩባንያውን ይጠይቃል። ወንድምዬው ቨርጂኒያ ሆኖ አጭሩን ኮድ ካስገባና ከፈቀደ መገናኛ ያለው ቴሌቪዥን ይከፈታል። ርቀቱ ችግር የለውም፤ ችግሩ ሰዓቱ ነው። ይህን አሠራር የሚደነግገውና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አር.ኤፍ.ሲ 8628 የተባለ ሰነድ በምሳሌነት የሰጠው ዕድሜ 1800 ሴኮንድ፣ ማለትም 30 ደቂቃ ነው። ኩባንያው ከዚያ ሊያሳጥረውም ሊያስረዝመውም ይችላል። ሁለት ሰዓት የቆየ ፎቶ ታዲያ ምን ይፈይዳል?

«እሺ፣ ሁለተኛውስ? ወዲያው ነው እኮ ያየው!» አለችኝ። ጠየቅኳት፤ ፎቶውን ከላከች በኋላ ከአፑ ወጥታ ሌላ ነገር ስታይ ነበር። ጉድ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። ከአፑ ወጥታችሁ ስትመለሱ፣ ወይም መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ቴሌቪዥኑ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ኮድ ይቀበልና የድሮውን መጠበቅ ይተዋል። አንዳንዴማ ስልኩ «ተሳክቷል» ይላል፣ ቴሌቪዥኑ ግን ጭጭ። ይህን ስታዩ ፊደሉ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ የጠፋው ጠባቂው ነው፤ አለዚያም የቴሌቪዥኑ ኢንተርኔት ተቋርጧል። ስልኩ ራሱ «ኮዱ ልክ አይደለም» ካለ ደግሞ ወይ ፊደል ተሳስቷል፣ ወይ የኮዱ ጊዜ አልፏል።

ፊደልን ካነሳን አይቀር፣ በስልክ ማንበብ ጠንቅ አለው። ቢ፣ ዲ እና ፒ በጆሮ አንድ ናቸው። ዜሮና ኦ ደግሞ ዓይን ያታልላሉ። ያው ሰነድ አናባቢም ቁጥርም የሌለባቸውን 20 የላቲን ፊደላት ብቻ መጠቀም ይሻላል ይላል፤ ሁሉም ኩባንያ ግን አይሰማውም።

ሌላው የሚያምታታው በኤስ.ኤም.ኤስ የሚመጣው ቁጥር ነው። እሱ ወንድምዬው ራሱ አካውንቱ ውስጥ ሲገባ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት እንጂ የቴሌቪዥኑ ኮድ አይደለም። ዘገየ ብላችሁ ሦስቴ ካስላካችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሠራው የመጨረሻው ብቻ ነው።

ምን አደረጉ መሰላችሁ? እሑድ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ እሱ ዘንድ ቀትር ግድም ሲሆን ተቀጣጠሩ። ወንድም በቅድሚያ አድራሻውን ከፍቶ፣ በራሱ አካውንት ገብቶ፣ የኮዱ ሳጥን ላይ ደርሶ ጠበቀ። ይህ ቅደም ተከተል ትልቅ ነገር ነው፤ የይለፍ ቃል ፍለጋው የኮዱን ዕድሜ አይበላም። እህት ከዚያ በኋላ አፑን ከፈተች፣ በቪዲዮ ጥሪ ስክሪኑን አሳየችው፣ ሪሞቱንም አስቀመጠች። አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። በጠቡ መሐል ልጅቷ አድራሻውን በፍለጋ ስትፈልግ «ለማስከፈቻ ክፈሉ» የሚል ገጽ አግኝታ ልትከፍል ነበር! ኮድ ለማስገባት የሚከፈል ክፍያ የለም። አድራሻውን ከስክሪኑ እያያችሁ በእጃችሁ ጻፉት፤ ለምሳሌ የዩቲዩብ youtube.com/activate ነው። የማታውቁት ሰው «ይህን ኮድ አስገባልኝ» ካላችሁም ተጠንቀቁ፤ አስገብታችሁ ስትፈቅዱ የእሱን ዕቃ በእናንተ አካውንት እያስገባችሁት ነው። ገብቶ ከሆነ በአካውንታችሁ ቅንብር ውስጥ የመሣሪያዎችን ዝርዝር ከፍታችሁ ያንን ዕቃ አስወጡት።