ፕሮግራሙ ዛሬ ሠርቷል፤ መረጃውስ የመቼ ነው?

በአብዛኞቹ ዳሽቦርዶች ጥግ ላይ «ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው፦ ዛሬ ጠዋት 3:00» የምትል ትንሽ መስመር አለች። አንባቢ ዓይኑን ወደዚህች መስመር የሚጥለው አንድ ነገር ለማወቅ ነው፤ ከፊቱ ያለው ቁጥር እስከ መቼ ድረስ የሆነውን እንደሚነግረው። መስመሯ ግን ብዙ ጊዜ የምትመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፤ መረጃ ቀድቶ የሚደምረው ፕሮግራም ሥራውን የጨረሰው መቼ ነው የሚለውን። ሁሉም ነገር ደህና ሲሆን ሁለቱ መልሶች ስለሚቀራረቡ ማንም ልዩነታቸውን አያስተውለውም። የሚራራቁት አንድ ቦታ ነገር ሲበላሽ ነው፤ አንባቢው ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገውም ልክ በዚያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በዳሽቦርድ ላይ መጻፍ ያለበት የመረጃው ዕድሜ እንጂ ፕሮግራሙ የሠራበት ሰዓት አይደለም እላለሁ። ፖስተኛው ዛሬ ጠዋት መምጣቱ ደብዳቤው ዛሬ ለመጻፉ ማስረጃ አይሆንም።

ነገሩን በቁጥር ለማየት የወባ ሳምንታዊ ሪፖርትን በምሳሌነት እንውሰድ። አንድ ወረዳ አምስት ጤና ጣቢያዎች አሉት እንበል፤ በየሳምንቱ 40፣ 35፣ 50፣ 25 እና 60 የወባ ሕሙማን ይመዘግባሉ። ሳምንቱ ከሰኞ እስከ እሑድ ነው፤ የወረዳው ድምር 210 ይሆናል። ማዘመኛው ፕሮግራም በየሰዓቱ ይሠራል። 60 ሕሙማን የሚመዘግበው ጤና ጣቢያ የ27ኛውን ሳምንት ሪፖርት ከላከ በኋላ ግንኙነቱ ተቋረጠ። ፕሮግራሙ አሁንም በየሰዓቱ ይነሣል፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ አዲስ ረድፍ ያጣል፣ ያገኘውን ደምሮ ያለ ምንም ስሕተት ይጨርሳል። አዲስ ረድፍ አለማግኘት ለፕሮግራሙ ስሕተት አይደለም። 30ኛው ሳምንት ካለቀ በኋላ ባለው ሐሙስ ጠዋት፣ የወረዳው ኃላፊ ዳሽቦርዱን ሲከፍት ግራፉ ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ ከ210 ወደ 150 ወርዶ ያያል። ወባው በሦስት አስረኛ ገደማ የቀነሰ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው መስመርም «ዛሬ ጠዋት 3:00» ብሎ ያረጋግጥለታል። እውነቱ ግን የአራቱ ጤና ጣቢያዎች መረጃ 4 ቀን፣ የአምስተኛው ደግሞ 25 ቀን ያስቆጠረ መሆኑ ነው። ኃላፊው የኬሚካል ርጭትና የመድኃኒት ድልድል የሚወስነው በዚህ ግራፍ ከሆነ፣ ድርሻው የሚቀነስበት ሕሙማኑ የበዙበት አካባቢ ይሆናል።

ይህ አሠራር እንዲህ የተለመደው ባለሙያዎች ግድ ስለሌላቸው አይደለም፤ የፕሮግራሙ ሰዓት በነፃ ስለሚገኝ ነው። በፕሮግራሙ መጨረሻ `now()` ብሎ መጻፍ በቂ ነው፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎችም ይህንኑ ሰዓት አዘጋጅተው ያቀርባሉ። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበትን DHIS2 ብንወስድ፣ ዳሽቦርዶቹ የሚያነቡት ለትንተና ከተዘጋጁ ሠንጠረዦች ነው፤ እነዚህን ሠንጠረዦች የሚሞላው ደግሞ በተወሰነለት ሰዓት የሚነሣ ሥራ ነው። የሥርዓቱ መረጃ ገጽም `lastAnalyticsTableSuccess` በሚል ስም ይህ ሥራ በመጨረሻ የተሳካበትን ጊዜ ያሳያል። ለሥርዓቱ አስተዳዳሪ ጠቃሚ ቁጥር ነው፤ ስለ አንድ ጤና ጣቢያ ሪፖርት ግን የሚናገረው የለም። መረጃው በብዙ እርከን ሲያልፍ ነገሩ ይብሳል። ምንጩ ወደ ክልል በየቀኑ ይገለበጣል፣ ከክልል ወደ ማእከል በየቀኑ፣ ከማእከል ወደ ዳሽቦርዱ ደግሞ በየሰዓቱ። ሁለቱ ዕለታዊ ግልበጣዎች እስከ ሁለት ቀን ያህል መዘግየት ሊያጠራቅሙ ይችላሉ፤ የመጨረሻው እርከን ግን የራሱን ሰዓት ብቻ ጽፎ ከዚያ በፊት የነበረውን መዘግየት ሁሉ ይሰርዛል።

የመረጃው ዕድሜ ይጻፍ ሲባል ከየትኛው ቀን ተነሥቶ እንደሚቆጠር መወሰን ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ረድፍ ሦስት ቀኖች አሉትና። አንደኛው ነገሩ የሆነበት ወይም ሪፖርቱ የሚሸፍነው ጊዜ ያለቀበት ቀን ነው። ሁለተኛው ረድፉ ወደ ዳታቤዙ የገባበት ሲሆን፣ ሦስተኛው ፕሮግራሙ ያነበበበት ነው። ሁለተኛውን መምረጥ ያጓጓል፤ ግን አንድ ሰው ዛሬ ቁጭ ብሎ የሦስት ወር ውዝፍ ሪፖርት ቢያስገባ፣ አሮጌው መረጃ ትኩስ ይመስላል። ስለዚህ ዕድሜው ከመጀመሪያው ቀን መቆጠር አለበት፤ የሚሰላውም ዳሽቦርዱ ራሱ ከሚያነብበው ሠንጠረዥ ነው። የሚያስፈልገው ጥያቄ አጭር ነው፦

```sql
SELECT facility, MAX(week_end) AS newest
FROM malaria_weekly
WHERE week_end <= CURRENT_DATE
GROUP BY facility;
```

ሦስተኛዋ መስመር ትርፍ አይደለችም። አንድ ረድፍ ብቻ በስሕተት የወደፊት ቀን ቢይዝ፣ ትልቁ ቀን ለዓመታት እሱ ሆኖ ይቀራል፤ ዳሽቦርዱም መቼም የማያረጅ ይመስላል። በእኛ አገር ለዚህ ስሕተት ሰፊ በር አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፈ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደተጻፈ ተቆጥሮ ከተቀየረ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደፊት ይሄዳል። እንዲህ ያሉትን ረድፎች ከስሌቱ ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ ስንት እንደሆኑ ለብቻ ቆጥሮ ማሳየትም ይገባል። «ከ4 ቀን በፊት» የሚለው ልዩነትም መሰላት ያለበት አንባቢው ገጹን በሚከፍትበት ቅጽበት ነው። ፕሮግራሙ አስልቶ ጽፎት ከሄደ፣ ፕሮግራሙ ራሱ በቆመ ጊዜ ጽሑፉ በ«4 ቀን» ላይ ደርቆ ይቀራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከአምስቱ ጤና ጣቢያዎች የማን ዕድሜ ይጻፍ የሚለው ነው። የአዲሱን ብንጽፍ ስልቱ ተለወጠ እንጂ ማታለሉ አልቀረም፤ አንድ ጤና ጣቢያ ብቻ ቢልክ ወረዳው በሙሉ የላከ ይመስላል። የአሮጌውን ብቻ ብንጽፍ ደግሞ ከዓመት በፊት የተዘጋ አንድ ክሊኒክ መስመሩን ለዘላለም ያስረጀዋል፤ ሰውም ማየቱን ይተወዋል። የተሻለው ሪፖርት የሚጠበቅባቸውን ተቋማት ዝርዝር ይዞ፣ የተዘጋውን በግልጽ ውሳኔ ከዝርዝሩ አውጥቶ፣ ዕድሜንና ቁጥርን አብሮ መጻፍ ነው፤ «እስከ 30ኛው ሳምንት፤ ከ5 ተቋማት 4ቱ ልከዋል፤ የዘገየው የመጨረሻ መረጃ ከ25 ቀን በፊት»። ቁጥሩ የግድ የሚያስፈልገው ዕድሜ ብቻውን ሙሉነትን ስለማያሳይ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከመስከረም 25 እስከ ጥቅምት 2 ባሉት ቀናት 15,841 የኮቪድ ተጠቂዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ወጥተው ቀርተው ነበር። ምክንያቱ ከ65,536 ረድፍ በላይ መያዝ የማይችል አሮጌ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ነበር። በእነዚያ ቀናት ዕለታዊው ቁጥር ይወጣ ነበር፤ የተቆረጠው ረድፍ እንጂ ቀኑ አልነበረም። ትልቁን ቀን ብቻ የሚያይ መቈጣጠሪያ ይህን አይነቱን ጉድለት አይዘውም፤ የመጣውን ብዛት ከሚጠበቀው ጋር የሚያነጻጽር ግን ሊጠረጥር ይችላል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ከሚነሡት ተቃውሞዎች ጠንካራው ስለ ዝምታ ነው። በደጋ ያለ ጤና ጣቢያ ለሳምንታት አንድም የወባ ሕመምተኛ ላያይ ይችላል፤ አዲስ ረድፍ ስለሌለ ዕድሜው ይጨምራል፤ ዳሽቦርዱም በከንቱ ይጮኻል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ወደ ፕሮግራሙ ሰዓት መመለስ አይደለም፤ እሱ ጩኸቱን ከነምክንያቱ ያፍነዋልና። የበሽታ ቅኝት ሥራ ለዚህ ቀድሞ ያበጀው መላ ዜሮ ሪፖርት ነው፤ ሕመምተኛ ያላየ ተቋም ዝም አይልም፣ «ዜሮ» ብሎ ይልካል። በዚህም «ምንም አልተከሠተም» እና «ምንም አልደረሰንም» የሚባሉት ይለያያሉ። ሪፖርቱን ሰው ሳይሆን መሣሪያ በሚልክበት ሥራም ያው ነው፤ ምንጩ በተወሰነ ጊዜ «አለሁ» የሚል አንድ ረድፍ ይልካል፣ ዕድሜውም እሱን ጨምሮ ይሰላል።

ሌላው ተቃውሞ አንባቢን ስለማስደንገጥ ነው። ሳምንታዊ ሪፖርት በተፈጥሮው አሮጌ ነው፤ ቅዳሜ ዳሽቦርዱን የሚከፍት ሰው ምርጥ በሆነው ቀን እንኳ 6 ቀን ያስቆጠረ መረጃ ያያል፤ ይህን ሲያይ ሥርዓቱ የተበላሸ ይመስለዋል ይባላል። እኔ የማየው ግን ተቃራኒውን ነው። ያ ሰው መረጃው 6 ቀን ማስቆጠሩን የማወቅ መብት አለው፤ ዕድሜውን መደበቅ መረጃውን አያድሰውም። ድንጋጤውን የሚያስቀረው ዕድሜውን ከሚጠበቀው ጋር ማስተያየት ነው። ሳምንታዊ ሪፖርት ሳምንቱ ካለቀ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲገባ የተስማማ ሥርዓት ካለ፣ ጤናማው ዕድሜ እስከ 10 ቀን ይደርሳል፤ ቀለሙ የሚለወጠው ከዚያ ሲያልፍ ብቻ ነው። ይህን ወሰን ማስቀመጥ ያለበትም ፕሮግራመሩ ብቻ ሳይሆን ውሳኔ የሚሰጠው ክፍል ነው፤ ስንት ቀን የዘገየ መረጃ ሥራውን እንደሚያበላሽ የሚያውቀው እሱ ነውና።

የፕሮግራሙ ሰዓት ይጣል ማለቴ ግን አይደለም። ባለሙያው ያለ እሱ ብልሽት መፈለግ አይችልም፤ ለእሱ በተለየ ገጽ ላይ፣ «ፕሮግራሙ የሠራበት» በሚል ግልጽ ስም ይቀመጥ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ የብልሽቱን ቦታ ይጠቁማሉ። ፕሮግራሙም መረጃውም አሮጌ ከሆኑ መጀመሪያ የሚፈተሸው ሰርቨሩ ነው። ፕሮግራሙ ዛሬ ሠርቶ የአንድ ጤና ጣቢያ መረጃ ግን 25 ቀን ካስቆጠረ፣ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራት ፋይዳ የለውም፤ ጤና ጣቢያው ስልክ ይደወልለታል። ዋናው ገጽ ላይ ዕድሜው ከተጻፈ ስልኩን የሚያነሣው የወረዳው ኃላፊ ራሱ ነው፤ ባለሙያ እስኪነግረው አይጠብቅም፤ ርጭቱንም በ150 ከመወሰኑ በፊት የጎደለው 60 የት እንደገባ ይጠይቃል።