ከጉና ጋራ የሚጀምረው የውኃ ጥያቄ

ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የይፋግ አካባቢ ክረምት በገባ ቁጥር የርብ ወንዝ ሙላት ያሰጋዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች የደረሰው ጎርፍ በርካታ ነዋሪዎችን አፈናቅሏል። ሜዳውን የሚያጥለቀልቀው ውኃ ግን በሜዳው ላይ የዘነበው ብቻ አይደለም፤ ርብም ሆነ ጉማራ የሚነሡት በስተምሥራቅ ከሚገኘው የጉና ተራራ ነው።

የጣለው ዝናብ ሁሉ ወደ አንድ ወንዝ ወይም ሐይቅ የሚሰበሰብበት ምድር ተፋሰስ ይባላል። ሁለት ተፋሰሶችን የሚለየው ደግሞ የውኃ ከፋይ ጋራ ነው። ይህን መስመር በካርታ ላይ ለማግኘት የከፍታ መስመሮችን ተከትሎ የጋራውን ጫፍ ከጫፍ ማያያዝ ይበቃል፤ በትክክል የተሰመረ ከሆነ አንድም ጅረት አያቋርጠውም።

በጉና ምዕራባዊ ተዳፋት የጣለ ዝናብ በርብና በጉማራ በኩል ጣና ይገባና በዓባይ ወደ ካርቱም ይወርዳል። በሰሜን ምሥራቁ ተዳፋት የጣለው ደግሞ ወደ ተከዜ ይፈስሳል፤ ከዚያም በአትባራ ወንዝ በኩል ከካርቱም በስተሰሜን ከናይል ጋር ይቀላቀላል። በአንድ ጋራ ላይ የተለያየው ውኃ ሱዳን ውስጥ ይገናኛል። ስለዚህም የጣናና የተከዜ ተፋሰሶች የአንድ ትልቅ ተፋሰስ ክፍሎች ናቸው።

በተፋሰስ ውስጥ ተጽዕኖ የሚወርደው ከላይ ወደ ታች ነው። ከተዳፋቱ የተሸረሸረው አፈር ሜዳው ላይ ሲደርስ የወንዙን ቦይ ይደለድላል፤ ወንዙም ከቦዩ ይወጣል። በርብ ላይ የተሠራው ግድብም የክረምቱን ውኃ ይዞ ለበጋ መስኖ የሚያውል በመሆኑ፣ መቼና ምን ያህል እንደሚለቀቅ ለታችኛው ገበሬ ወሳኝ ነው። ሆኖም በላይኛውና በታችኛው ገበሬ መካከል ክርክር ቢነሣ የውኃ አባቶች፣ የወረዳው አስተዳደርና ፍርድ ቤት አሉ።

በአገሮች መካከል ግን ውሳኔውን የሚያስፈጽም የበላይ አካል የለም፤ ያለው ስምምነት ብቻ ነው። ግብጽና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 ባደረጉት ስምምነት አስዋን ላይ በዓመት ይደርሳል ከተባለው 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ 55.5 ቢሊዮኑን ለግብጽ፣ 18.5 ቢሊዮኑን ለሱዳን መድበው ቀሪውን በትነት የሚባክን አድርገው ቆጥረውታል። የውኃው ዋና ምንጭ የሆነችው ኢትዮጵያ የስምምነቱ ተዋዋይ አልነበረችም።

የታችኛው አገር ቀድሞ የተጠቀመበትን ውኃ እንደ መብት ይቆጥራል፤ የላይኛው ደግሞ ፍትሐዊ ድርሻውን ይጠይቃል። በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ክርክርም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ፍትሐዊ አጠቃቀምን መርሕ ቢያደርግም ግብጽና ሱዳን አልፈረሙትም።

የኃይል ማመንጫ ግድብ ውኃውን ተርባይን ካስመታ በኋላ መልሶ ለወንዙ ይለቅቃል። በመሆኑም ዝናብ በቂ በሆነባቸው ዓመታት ልዩነቱ ይለዝባል። አስቸጋሪው ጥያቄ ድርቅ ለተከታታይ ዓመታት ሲቆይ ከግድቡ ምን ያህል ይለቀቅ፣ ጉድለቱንስ ማን ይሸከም የሚለው ነው።