የዳሽቦርዱ መብራት የሚለካው ምንድን ነው?

ቁልፉን ከፍተው ሞተሩን ሳያስነሱ ዳሽቦርዱን ይመልከቱ። ቀይና ቢጫ ምልክቶች በአንድ ላይ ይበራሉ። መኪናዋ መብራቶቿን ራሷ እየፈተሸች ነው። ሞተሩ ሲነሳ ሁሉም መጥፋት አለባቸው። ቁልፉን ሲከፍቱ የዘይቱ ምልክት ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ፣ ሽቦው ወይም ሴንሰሩ ተበላሽቷል፤ ችግር ሲመጣም አያስጠነቅቅዎትም። በመንገድ ላይ ቀይ ሲበራ ቁም ማለት ነው፤ ቢጫ ሲበራ ደግሞ ቶሎ አስመርምረኝ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በቀለሙ አይደለም። የተሳለው ዕቃ ሁልጊዜ የተበላሸው ዕቃ ነው ብሎ ስለሚያስብ ነው።

ማንቆርቆሪያ የሚመስለውን የዘይት ምልክት እንውሰድ። በአብዛኞቹ መኪኖች ቀዩ ምልክት የሚናገረው ስለ ዘይቱ መጠን ሳይሆን ስለ ግፊቱ ነው። የዘይት ፓምፑ ከሞተሩ ግርጌ ዘይት እየሳበ በቀጫጭን መተላለፊያዎች ወደ ብሮንዚኖቹ ይገፋል። ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋተግ የሚያደርገው በመካከላቸው የሚቆየው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ግፊቱ ከጠፋ ሽፋኑም ይጠፋል፤ ሞተሩ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊነክስ ይችላል።

አንድ ሾፌር ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ እየወረደ ነው እንበል። በየጠመዝማዛው ምልክቱ ብልጭ ይልና መንገዱ ሲቃና ይጠፋል። ስለጠፋ ችግሩ አብሮ የጠፋ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ዘይቱ ስላነሰ፣ መኪናዋ ስትታጠፍ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ፓምፑም በዘይት ፋንታ አየር ይስባል። ሾፌሩ ምልክቱን እንዳየ ደህና ቦታ ላይ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት አለበት። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቆ ኮፈኑን ይክፈት፤ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ ይጥረግ፣ መልሶ ያስገባና እንደገና ያውጣ። ቁልቁለት ላይ የሚታየው ልክ ያሳስታልና በተቻለ መጠን ደልዳላ ቦታ ይምረጥ። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ጥቂት በጥቂት እየጨመረ በየመሃሉ ይለካ። በብዙ የቤት መኪኖች ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው ያለው ልዩነት 1 ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ ሞተሩን ሲያስነሳ ምልክቱ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ከጠፋ መንገዱን መቀጠል ይችላል፤ ዘይቱ የት እንደገባ ግን ማስመርመር አለበት።

የዘይቱ መጠን ልክ ሆኖ ምልክቱ ካልጠፋ ግን አይነዳም፤ መኪናዋ ትጎተት። ጋራዥ ሲደርስም ሞተሩ ከመከፈቱ በፊት መካኒኩ ሴንሰሩን ፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ጌጅ እንዲያስገባ ይጠይቅ። ጌጁ ጤነኛ ግፊት ካሳየ የተበላሸው ሴንሰሩ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በትንሽ ወጪ ያልቃል።

የባትሪው ምልክትም እንዲሁ ነው። ሞተሩ እየሠራ ከበራ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የባትሪው ሳይሆን የሚሞላው የዲናሞው ወይም የቺንጊያው ነው። ሞተሩ ሲሠራ በባትሪው ጫፎች ላይ ወደ 14 ቮልት መለካት አለበት፤ 12 ብቻ ከሆነ እየሞላ አይደለም። ቺንጊያው ካልተበጠሰ ሬዲዮና ማቀዝቀዣ አጥፍተው፣ ሞተሩን ግን ሳያጠፉ፣ ቅርብ ወደሆነ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። በብዙ መኪኖች ግን ያው ቺንጊያ የውሃውን ፓምፕም ያዞራል። እሱ ከተበጠሰ ሞተሩ ስለሚፈላ ወዲያው መቆም ያስፈልጋል።

ቢጫው የሞተር ምልክት የኮምፒውተሩ ማስታወሻ ነው። በርቶ ሲቆይና መኪናዋ ደህና ስትሄድ በቅርብ ቀን ማስመርመር ይበቃል። ብልጭ ድርግም ካለ ግን አንዱ ሲሊንደር እሳት እየሳተ ነው፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫ ውስጥ ገብቶ ካታላይዘሩን ያቃጥላል። ነዳጅ መስጫውን ይልቀቁ፣ ፍጥነት ይቀንሱ፣ ካላቆመ ይቁሙ። መካኒኩ በማሽን ሲያነበው ለምሳሌ P0301 ቢወጣ፣ የ1ኛው ሲሊንደር እሳት መሳት ማለት ነው። ካንዴላው ይሁን ኮይሉ ወይም ኢንጀክተሩ ኮዱ አይናገርም። ስለዚህ ሳይፈተሽ ዕቃ እንዲቀየር አይፍቀዱ። ምልክቱ እንዲጠፋ ብቻ ባትሪ መንቀልም ማስረጃውን ያጠፋል።

የቃለ አጋኖ ምልክት ያለበት ቀይ የፍሬን ምልክት ሲበራ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ይመልከቱ። ወርዶም ካልጠፋ የፍሬን ዘይቱ አንሷል ማለት ሊሆን ይችላል። የፍሬን ዘይት እንደ ነዳጅ አያልቅም፤ ካነሰ ወይ ሸራው አልቋል ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ። ሞልቶ መተው ፍሳሹን ይደብቃል። ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ካለ ወይም ከለሰለሰ መኪናዋን አንድ ሜትር እንኳ አይንዱ፤ መካኒኩን ያለችበት ድረስ ይጥሩ።